አንዱ ሲታለፍ አራቱ የት ነበሩ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሜዳው የትምህርት ቤት ሜዳ ነው፤ ሲሚንቶው እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል፣ የአንደኛው ቅርጫት መረብ ከተቀደደ ቆይቷል። ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ሁለት የሰፈር ቡድኖች ይጫወታሉ። በቀኝ ክንፍ ኳስ የያዘው ቀጭን ልጅ ወደ ግራ የሚሄድ መስሎ በቀኝ በኩል አፈተለከ። ይጠብቀው የነበረው ተከላካይ በግማሽ እርምጃ ዘገየ፤ በዚያችው ቀረ። ቀጭኑ ልጅ ማንም ሳይነካው ቅርጫቱ ሥር ደርሶ ኳሱን በሰሌዳው አስነክቶ አስገባ። አጥሩን ተደግፎ የቆመው ተመልካች ሁሉ «እንዴት ታሳልፈዋለህ!» እያለ በታለፈው ልጅ ላይ ጮኸ። ልጁም አንገቱን ደፋ።

አሠልጣኙ ግን የታለፈውን ልጅ ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ዕረፍት ጠይቀው ልጆቹን ሰበሰቡና በስተግራ ጥግ የነበረውን ረዘም ያለ ልጅ ጠሩት።

«አንተ የት ነበርክ?»

«የኔ ሰው ጋ ነበርኩ፣ ጋሼ።»

«ሰውህ ኳስ ይዞ ነበር?»

«አልያዘም።»

«ኳሱ ከእሱ ምን ያህል ይርቃል?»

ልጁ መልስ አጣ። አሠልጣኙ ወደ ሜዳው እያመለከቱ፣ «ያውልህ፣ ከዚያ እስከዚህ አሥር ሜትር ይሆናል። አሥር ሜትር የራቀ ሰው አቅፈህ ቆመህ፣ ጓደኛህን ብቻውን ተውከው» አሉት። ከዚያም ክንዱን ይዘው ከጥጉ ወደ ቅርጫቱ አቅጣጫ አራት እርምጃ ያህል ወሰዱትና አቆሙት። «ቦታህ ይኼ ነው።»

ቅርጫት ኳስን ለረጅም ጊዜ ስመለከት እኔም እንደ ተመልካቹ ዓይኔ ኳሱ ላይ ነበር። ነጥብ ሲቆጠር የምወቅሰውም የታለፈውን ሰው ነበር። የመከላከል ትምህርት የሚጀምረው ግን አሠልጣኙ ልጁን ካቆሙበት ቦታ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መቀበል ያስፈልጋል፤ ተከላካይ ይታለፋል። አጥቂው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፣ ተከላካዩ ይገምታል። አጥቂው ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ይሮጣል፣ ተከላካዩ ወደ ኋላና ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይከተላል። በእጁ ገፍቶ ወይም ይዞ ላስቆመው ቢል ፋውል ይነፋበታል። የዓለም ምርጥ ተከላካዮች እንኳ በአንድ ጨዋታ ደጋግመው ይታለፋሉ። ስለዚህ አንድ ቡድን «ማንም አይታለፍብንም» ብሎ ከተነሳ ገና ከጅምሩ ተሸንፏል። ጥሩ ቡድን የሚነሳው «አንዳችን መታለፋችን አይቀርም፤ ያኔ ማን ይደርሳል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ሰው ለሰው መከላከልም ሆነ ዞን ለዚህ አንድ ጥያቄ የተሰጡ ሁለት መልሶች ናቸው።

ሰው ለሰው፣ ተጫዋቾቹ «ማን ቱ ማን» የሚሉት፣ ሲሰሙት ቀላል ነው። አምስት ተከላካይ፣ አምስት አጥቂ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሰው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ የራስህን ሰው እንደ ጥላ ተከተለው የሚል ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን አጥቂዎቹ አራት ሰው በአራት ማዕዘን አቁመው አምስተኛው ብቻ ለብቻ እንዲጫወት ያደርጉ ነበር። የታለፈውን የሚሸፍን አንድም ሰው አይገኝም። ያ ረዘም ያለው ልጅ ያደረገውም ይህንኑ ነው።

በትክክል ሲሠራ ግን ተከላካዩ ከሰውዬው ምን ያህል ይራቅ የሚለውን የሚወስነው ኳሱ ነው። ኳስ የያዘውን የሚጠብቀው እጁን ቢዘረጋ እስኪነካው ድረስ ቀርቦ ይቆማል። ሰውዬው ከኳሱ አንድ ቅብብል ብቻ የሚርቅ ተከላካይ ደግሞ ከሰውዬው አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኳሱ ሸሸት ይልና እጁን የቅብብሉ መስመር ላይ ያደርጋል። ሰውዬው ሁለትና ከዚያ በላይ ቅብብል የራቀ ተከላካይ ደግሞ ትቶት ይገባል። የት ድረስ? ሜዳውን ከቅርጫት እስከ ቅርጫት ለሁለት የሚከፍል መስመር በሐሳብዎ ያስምሩ። ሩቅ ያለው ተከላካይ ወደዚያ መስመር ይጠጋል፤ አንድ እግሩ ከቅርጫቱ ሥር ባለው በቀለም በተለየው አራት ማዕዘን፣ ተጫዋቾች «ፔይንት» በሚሉት ውስጥ ይሆናል። አካሉን ግማሽ ወደ ኳሱ ግማሽ ወደ ሰውዬው ያዞራል፤ አንገቱን ሳያዞር ሁለቱንም እንዲያይ። አሠልጣኞች በአንድ እጅህ ኳሱን በሌላው ሰውህን ጠቁም የሚሉት ለዚህ ነው። ሁለቱን ለመጠቆም አንገቱን የሚያዞር ከሆነ ቦታው ተበላሽቷል ማለት ነው።

ሰውን እንዲህ ትቶ መግባት እብደት የሚመስለው ሜዳውን በኳሱ ፍጥነት ስለማንለካው ነው። በዓለም አቀፉ የፊባ ሕግ ሜዳው 15 ሜትር ስፋት አለው። ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር የሚወረወር ረጅም ኳስ አየር ላይ አንድ ሰከንድ ያህል ይቆያል። ተቀባዩም ይዞ፣ እግሩን አስተካክሎ እስኪወረውር ሌላ ጊዜ ይወስዳል። በዚህ መሐል ዝግጁ የሆነ ተከላካይ አምስት ስድስት ሜትር ይሮጣል። እርቀቱ ዕዳ ነው፣ የኳሱ በረራ ደግሞ መክፈያው። ነገር ግን ዕዳው የሚከፈለው ተከላካዩ ኳሱ ከእጅ እንደወጣ ከተነሳ ብቻ ነው። ኳሱ ሰውዬው እጅ ሲገባ የተነሳ ተከላካይ በምንም ፍጥነት ቢሮጥ አይደርስም።

አሁን አንድ ጥቃትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከተል። ኳስ ያዡ በቀኝ ክንፍ ነው። አንድ ጓደኛው ከቅርጫቱ ትይዩ ራስጌ ላይ ቆሟል። ሁለተኛው በግራ ክንፍ፣ ሦስተኛው በግራ ጥግ ከሦስት ነጥብ መስመሩ ውጭ ነው። የቡድኑ ሴንተር ደግሞ በቅርጫቱ ግራ ጎን ፔይንቱ አጠገብ ይጠብቃል። የቀኙ ጥግ ባዶ ነው።

ኳስ ያዡ ተከላካዩን አለፈና የሜዳውን የኋላ መስመር ይዞ ወደ ቅርጫቱ ገሰገሰ። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ሴንተሩን የሚጠብቀው ረጅም ተከላካይ ነው። ሰውዬውን ትቶ ፔይንቱን አቋርጦ ይመጣል። የሚገናኙበት ቦታ ወሳኝ ነው። ከቅርጫቱ ሥር 1.25 ሜትር ራዲየስ ያላት ግማሽ ክብ ተሠምራለች። ረዳቱ ከእሷ ውጭ ሁለት እግሩን ተክሎ ቀድሞ ከቆመና አጥቂው ደረቱ ላይ ከመጣ ፋውሉ የአጥቂው ነው። በክቧ ውስጥ ቆሞ ከተገጨ ግን ያ መብት የለውም፤ ያለው አማራጭ እጁን ወደ ላይ ቀስሮ ቀጥ ብሎ መዝለል ብቻ ነው። ስለዚህ ጥሩ ረዳት ቅርጫቱ ሥር አይጠብቅም። አጥቂው ለመዝለል ከመነሳቱ በፊት መንገድ ላይ ያገኘዋል።

አሁን የአጥቂው ሴንተር ብቻውን ነው። ከቅርጫቱ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ያለ ረጅም ሰው ብቻውን ሲቀር ከዚያ የቀለለ ነጥብ የለም፤ ኳስ ያዡ ኳሱን መሬት አስነክቶ በረዳቱ ጎን ካሳለፈለት አለቀ። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው እገዛ የሚመጣው፤ ረዳቱን መርዳት። የግራ ጥጉን አጥቂ የሚጠብቀው ተከላካይ፣ ሲጀመርም አንድ እግሩ ፔይንት ውስጥ ነበርና፣ ወርዶ ሴንተሩን ይይዛል። በቁመት ያንሰዋል፣ ግን ከፊቱ ገብቶ ኳሱን ማቋረጥ ወይም ከኋላው ተጣብቆ ሪባውንድ መከልከል ይችላል። የቅዳሜው ልጅ ያልነበረበት ቦታ ይህ ነው።

ታዲያ የግራ ጥጉ ባዶ ሆነ። የግራ ክንፉን የሚጠብቀው ተከላካይ በጥጉና በክንፉ መሐል ይወርዳል፤ ለቅጽበት ሁለት ሰው ይጠብቃል። ራስጌውን የሚጠብቀውም ወደ ግራ ክንፉ ይሳባል፤ እሱም ሁለት ሰው አለበት። ኳስ ያዡ መውጫ ሲያጣ ኳሱን አሻግሮ ወደ ግራ ጥግ ወረወረ እንበል። ኳሱ አየር ላይ እያለ የክንፉ ተከላካይ ወደ ጥጉ ይሮጣል፣ የራስጌው ተከላካይ ክንፉን ይይዛል። ራስጌው አሁን ማንም የለውም።

ማን ቀረ? ያ መጀመሪያ የታለፈው ሰው። የሱ ሥራ ከኳሱ ኋላ ኋላ መሮጥ አይደለም፤ ኳሱን የሚያስቆም ሰው መጥቷል። ረዳቱ መድረሱን እንዳየ ዞሮ ወደ ራስጌው ይሮጣል። አሁን ይቁጠሩ። ረጅሙ ተከላካይ ኳስ ያዡን፣ የጥጉ ተከላካይ ሴንተሩን፣ የክንፉ ጥጉን፣ የራስጌው ክንፉን፣ የታለፈው ራስጌውን ይዘዋል። አምስቱም ሰው ለውጠዋል፤ ሆኖም አምስቱም አጥቂዎች ተይዘዋል። ይህ ሁሉ ሁለት ሰከንድ ያህል ቢፈጅ ነው። እኔ በቅርጫት ኳስ ከዚህ የሚያምር ነገር አላየሁም፤ ነጥብ ስላልተቆጠረ ግን አብዛኛው ተመልካች ሳያየው ያልፋል።

እገዛው ከቀኝ ሳይሆን ሩቅ ካለው ከግራ ወገን የመጣውም በምክንያት ነው። የቀኙ ጥግ ባዶ ባይሆንና እዚያ የቆመ አጥቂ ቢኖር፣ የሱ ተከላካይ አንድ እርምጃ ወደ ኳሱ ቢሳብ ቅብብሉ አጭር ነው፤ ለመመለስ ጊዜ አይገኝም። ጥጉ ደግሞ የሦስት ነጥብ መስመር ወደ ቅርጫቱ የሚጠጋበት ቦታ ነው፤ በፊባ ሜዳ ራስጌው 6.75 ሜትር ሲሆን ጥጉ 6.60 ነው፣ በኤንቢኤ ደግሞ ልዩነቱ ከዚያ በእጅጉ ይሰፋል። ስለዚህ ኳስ ባለበት ወገን ጥግ ያለውን ሰው አትተው የሚለው ሕግ በየቡድኑ ይደጋገማል። መተው ካለብህ ሩቁን ተው፤ ወደ ሩቅ የሚሄድ ኳስ ጊዜ ይሰጥሃልና።

ሰንሰለቱ የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ቦታዎች በአንዱ ነው፤ የትኛው እንደተበጠሰ ደግሞ ከውጤቱ ማወቅ ይቻላል። ተቃራኒው ቡድን ማንም ሳይነካው ቅርጫቱ ሥር እየደረሰ የሚያስቆጥር ከሆነ ሩቅ ያሉት ተከላካዮች ሰዎቻቸውን አቅፈው ቆመዋል። ሴንተሩ ገና በሁለተኛው ሩብ ሦስት ፋውል ካከማቸ እገዛው ይመጣል ግን ይዘገያል፤ ቀድሞ ቆሞ ከመቀበል ይልቅ እየበረረ ደርሶ ይጋጫል። ቅርጫቱ ሥር ተዘግቶ ጥጎቹ ግን ደጋግመው ባዶ የሚገኙ ከሆነ የመጀመሪያው ረዳት ሥራውን ሠርቷል፣ ረዳቱን የሚረዳው ግን አልመጣም። በልጆች ጨዋታ ላይ አራተኛም አለ፤ የታለፈው ልጅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የሚሆነውን ያያል። ያን ጊዜ አራት ሰው ለአምስት ይከላከላል።

ወደ ጥጉ የሚሮጠው ተከላካይ አደራረስም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መንገዱን አብዛኛውን በሙሉ ፍጥነት ይሮጥና የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እርምጃዎች ያሳጥራል፤ ጉልበቱን አጥፎ፣ አንድ እጁን ወደ ኳሱ ቀስሮ ይደርሳል። እየበረረ ከመጣ ወርዋሪው ኳሱን አንዴ ከፍ ያደርግና በአየር ላይ ሲያሳልፈው፣ አንድ ጊዜ አንጥሮ ጥሎት ይሄዳል። ሰንሰለቱም እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ አሁን ግን ሁሉም ከቦታው ርቋል።

ዞን ሌላው መልስ ነው። ተከላካዩ ሰው አይሰጠውም፣ ቦታ ይሰጠዋል። የታወቀው አደራደር ሁለት ሦስት ነው፤ ሁለት ከፊት፣ ሦስት ከቅርጫቱ አጠገብ፣ ከሦስቱ መሐል ሴንተሩ። ኳሱ ሲንቀሳቀስ አምስቱም እንደ አንድ አካል ወደ ኳሱ ይሳባሉ። የዞን ትልቁ ጥቅም እገዛው ከመፈለጉ በፊት መኖሩ ነው። ከፊት ያለው ቢታለፍ አጥቂው የሚጋጠመው ቀድሞ ከቆሙ ሦስት ሰዎች ጋር ነው። ማንም ከሩቅ እየሮጠ መምጣት አያስፈልገውም፤ ሴንተሩም ከቅርጫቱ ተጎትቶ አይወጣም።

ዋጋው ግን አለው። ሰው ለሰው ላይ የአጥቂው እያንዳንዱ እርምጃ የአንድ የታወቀ ሰው ኃላፊነት ነው። በዞን ግን በሁለት ተከላካዮች ቦታ ድንበር ላይ የቆመ አጥቂ የማን ነው? ጥሩ አጥቂዎች የሚያነጣጥሩት እዚያ ላይ ነው። አንድ ሰው በቅጣት ምት መወርወሪያው መስመር መሐል፣ ከፊተኞቹ ሁለት ኋላና ከሴንተሩ ፊት ኳስ ከተቀበለ ዞኑ ይፈርሳል፤ ሴንተሩ ከወጣበት ከኋላው ይከፈታል፣ ካልወጣበት ከቅርብ ይወረውራል። ሁለተኛው ድካም ሪባውንድ ነው። የኔ የምትለው ሰው ከሌለህ ኳሱ ከብረቱ ሲመለስ በጀርባህ የምትዘጋው ሰው ፈልገህ ማግኘት አለብህ፤ እስክታገኘው አጥቂው ዘሎ ይዟል። ሦስተኛው ጥጉ ነው።

የጥጉን ነገር እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ ኮሌጆች የፍጻሜ ጨዋታ እንደተፈጸመው አድርጎ የሚያሳይ የለም። ለ47 የውድድር ዓመታት የሰራኪዩስ ዩኒቨርሲቲን ያሠለጠነው ጂም ቦሃይም በሁለት ሦስት ዞን የታወቀ ሰው ነው። በኒው ኦርሊንስ ከካንሳስ ጋር በተደረገው ፍጻሜ የመጨረሻ ሰከንዶች ሰራኪዩስ 81 ለ78 ይመራ ነበር። ካንሳስ አቻ ለመሆን የሚያስፈልገው አንድ የሦስት ነጥብ ውርወራ ነው። ኳሱም ዞኑ በጣም በሚሳሳበት ቦታ፣ በጥጉ፣ ማይክል ሊ እጅ ገባ። ባዶ ነበር። ከቅርጫቱ አጠገብ የነበረው የሰራኪዩሱ ሃኪም ዋሪክ ግን ረጃጅም እርምጃ ወስዶ ደረሰና በረጅም ክንዱ ኳሱን ወደ ውጭ ጠለዘው። ሰራኪዩስ ሻምፒዮን ሆነ። ያን ውርወራ አጭር ክንድ ያለው ተጫዋች አይደርስበትም ነበር፤ ቦሃይም ለዞኑ ረጃጅምና ክንደ ረጅም ልጆችን ይመለምል የነበረውም ለእንዲህ ያለው ሩጫ ነው።

በኤንቢኤ ዞን ለረጅም ዘመን ክልክል ነበር። ሊጉ በተመሠረተበት በ1946/47 የውድድር ዓመት ታግዶ፣ የተፈቀደው በ2001/02 ነው። ሲፈቀድም አብሮ ሌላ ሕግ መጣ፤ ተከላካይ በክንዱ ርቀት ያለን አጥቂ ሳይጠብቅ ፔይንት ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም። በፊባ ሕግ ግን ይህ ገደብ የለም። በአገራችን ሜዳዎች የሚሠራው የፊባ ሕግ ስለሆነ ረጅሙ ተከላካይ ከፈለገ ጨዋታውን በሙሉ ቅርጫቱ ሥር ቆሞ ሊያሳልፍ ይችላል። ኤንቢኤን በቴሌቪዥን እያዩ ያደጉ ወጣቶች ሴንተራቸው ያለ ምክንያት ፔይንቱን ለቆ ሲወጣና ሲገባ የማየው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል፤ እዚህ የማይሠራ ሕግ እያከበሩ ነው።

ሁለቱን መልሶች ቀላቅሎ መጠቀምም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኤንቢኤ ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ የቶሮንቶው አሠልጣኝ ኒክ ነርስ አራት ተከላካዮችን በአራት ማዕዘን በዞን አቁሞ አንዱን፣ ፍሬድ ቫንቭሊትን፣ ስቴፈን ከሪን ብቻ እንዲከተል አደረገ። ኬቪን ዱራንት በጉዳት አልተሰለፈም፣ ክሌይ ቶምፕሰንም በጨዋታው መሐል ተጎድቶ ወጥቶ ነበር፤ ስለዚህ ከከሪ ሌላ ከሩቅ የሚያስፈራ ወርዋሪ ሜዳ ላይ ብዙ አልነበረም። ጎልደን ስቴት ከአምስት ደቂቃ በላይ አንድም ነጥብ ሳያስቆጥር ቆየ፤ ውጤቱም 106 ለ104 ሆኖ ጠበበ። በመጨረሻው ከሪ በሁለት ተከላካዮች ተወጥሮ ኳሱን አወጣ፤ ሾን ሊቪንግስተን ተቀበለና ብቻውን ለቆመው አንድሬ ኢጉዳላ አሳለፈ። ኢጉዳላ ጊዜ ወስዶ ወረወረ፣ ገባ። 109 ለ104።

ቶሮንቶ ተሳሳተ ማለት ነው? እኔ አልልም። ሁለት ሰው አንዱ ላይ ከሄደ በሌላ ቦታ አንድ ሰው ባዶ መሆኑ ግድ ነው፤ በሰው ለሰውም ሆነ በዞን ይህን የሚያስቀር ዘዴ የለም። አሠልጣኙ የሚወስነው ማን ባዶ ይሁን የሚለውን ነው። ከከሪና ከኢጉዳላ የሦስት ነጥብ ውርወራውን ለማን ትተዋለህ ቢባል ሁሉም አሠልጣኝ ኢጉዳላ ይላል። ያቺ ጨዋታ ከእጃቸው ወጣች፤ ሻምፒዮናውን ግን ቶሮንቶ 4 ለ2 ወሰደ።

ለልጆች የትኛው ይሻላል ለሚለው ግን አቋሜ የማያወላውል ነው፤ ሰው ለሰው ይቅደም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ከሩቅ ወርውረው ማስገባት አይችሉም፤ ስለዚህ አምስት ልጆችን ቅርጫቱ ሥር የሰበሰበ አሠልጣኝ በቀላሉ ያሸንፋል። ዋንጫውን ይወስዳል፤ ልጆቹ ግን ኳስና ሰውን በአንድ ዓይን ማየትን፣ ኳስ በአየር ላይ እያለ መነሳትን፣ ከታለፉ በኋላ ዞሮ መሮጥን ሳይማሩ ያድጋሉ። ሃያ ዓመት ሲሆናቸው ወርዋሪ ያለው ቡድን ሲገጥማቸው የሚሆኑትን ያጣሉ። ጃፓን በታዳጊዎች ውድድር ዞንን የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ለሰውን በሚገባ የተማረ ልጅ ዞንን ለመልመድ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ምክንያቱም ሩቅ ካለ ሰው ላይ ፔይንት ውስጥ የሚቆም ተከላካይ ሲታይ በተግባር ዞን እየተጫወተ ነው።

ወደ ቅዳሜው ሜዳ ልመለስ። በሦስተኛው ሩብ ማብቂያ ያው ቀጭን ልጅ ያንኑ ተከላካይ በዚያው በኩል እንደገና አለፈው። አሁን ግን ሴንተሩ መንገድ ላይ አገኘው፣ ረዘም ያለው ልጅ «አለሁ!» ብሎ እየጮኸ የተተወውን አጥቂ ያዘ፣ ኳሱም ወደ ጥግ ተሻገረ። ሌላ ልጅ እየሮጠ ደረሰበት፤ ውርወራው ብረቱን መትቶ ወጣ። ከአጥሩ ጥግ ማንም አላጨበጨበም። አሠልጣኙ ብቻ ሁለት ጊዜ እጃቸውን አጋጩ።

እርስዎም በሚቀጥለው ጨዋታ፣ ሜዳ ዳር ይሁን ቴሌቪዥን ፊት፣ ለአንድ ጥቃት ያህል ዓይንዎን ከኳሱ ያንሱና ከኳሱ በጣም የራቀውን ተከላካይ ብቻ ይመልከቱ። እግሩ ፔይንት ውስጥ ከሆነና ኳሱ በተወረወረ ቁጥር የሚነሳ ከሆነ ያ ቡድን መከላከል ያውቃል።